የመጀመሪያዋ ትንፋሽና ሦስቱ የፅንስ አቋራጮች፦ መዘጋታቸውን በቀኝ እጅና በእግር እንዴት እንደምንከታተል

ሕፃኑ ተወልዷል፣ አልቅሷል፣ እትብቱ ተቆርጧል። ብዙ ሰው የደም ዝውውሩ በዚያች ቅጽበት ተለውጦ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ለውጡ በመጀመሪያዋ ትንፋሽ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ የፅንሱ ደም ይሄድባቸው ከነበሩት ሦስት አቋራጭ መንገዶች አንዱ በደቂቃዎች፣ ሌላው በቀናት፣ ሌላው ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይዘጋል። በመሀል ያለው ጊዜ ነው አሳሳቢው። በዚያ ጊዜ ሕፃኑ ቢበርደው ወይም ኦክስጅን ቢያጥረው ደሙ ወደ ድሮው መንገድ ሊመለስ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለምትሠሩ አዋላጆች፣ ነርሶች፣ ኢንተርኖችና ተማሪዎች ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፦ ለጨቅላ የሚሆን ፕሮብ ያለው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ ስቴቶስኮፕና ሰዓት። ዋናው ዓላማ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ የዚህ ሕፃን ደም አሁንም ሳንባውን እየዘለለ ነው ወይስ አይደለም?

ደረጃ 1፦ የፅንሱን ደም መንገድ በአእምሯችሁ ተከተሉ

መሣሪያውን ከማንሳታችሁ በፊት መንገዱን እወቁት። መንገዱን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን ያነባል እንጂ ትርጉሙን አያገኘውም።

ፅንስ የሚተነፍሰው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው። በሳንባው ውስጥ ያሉት የደም ስሮች ተኮማትረዋል፤ ግፊታቸው ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ከልብ ከሚወጣው ደም ወደ ሳንባ የሚሄደው ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በሌላ መንገድ መሄድ አለበት።

ኦክስጅን ያለው ደም ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ ደም መልስ በኩል ይመጣል። በዚያ ደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሳቹሬሽን 80 በመቶ ገደማ ነው። ፅንሱ ከዚህ የተሻለ ደም የለውም። የደሙ አንድ ክፍል ጉበት ውስጥ ሳይገባ በመጀመሪያው አቋራጭ፣ በደክተስ ቬኖሰስ በኩል፣ በቀጥታ ወደ ልብ ይሄዳል።

ልብ ሲደርስ ሁለተኛውን አቋራጭ ያገኛል። እሱም ፎራሜን ኦቫሌ ነው። በቀኝና በግራ የላይኛው የልብ ክፍል መካከል ያለ ቀዳዳ ሲሆን በግራ በኩል ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ነው። ከቀኝ የሚመጣ ግፊት ይከፍተዋል፤ ከግራ የሚመጣ ግፊት ይዘጋዋል። ጥሩው ደም በዚህ ያልፍና ወደ ልብ ጡንቻ፣ ወደ አንጎልና ወደ እጆች ይደርሳል።

ከላይኛው አካል ኦክስጅኑን ጨርሶ የሚመለሰው ደም ግን በብዛት ወደ ቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ይወርዳል። ከዚያ ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ይገፋል። ሳንባው ስለማይቀበለው በሦስተኛው አቋራጭ፣ በደክተስ አርቴሪዮሰስ፣ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ ይሻገራል። ትልቁን ደም ቅዳ አኦርታ እንለዋለን።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመመሪያው ቁልፍ ያለው ደክተሱ አኦርታን የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ለቀኝ እጅ ደም የሚሰጠው ቅርንጫፍ የሚወጣው ከመገናኛው በፊት ነው። ለእግሮች የሚሄደው ደም ግን መገናኛውን ያልፋል። ስለዚህ በደክተሱ በኩል ኦክስጅን የሌለው ደም ከገባ ቀኝ እጅ አይነካም፤ እግር ግን ይነካል። ግራ እጅስ? የግራ እጅ ቅርንጫፍ ለመገናኛው በጣም ቅርብ ስለሆነ መልሱ አስተማማኝ አይደለም። ሁልጊዜ ቀኝ እጅን ተጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ ሳንባው አየር እስኪያገኝ እትብቱን አትቸኩሉበት

ሕፃኑ ሲተነፍስ ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። አንደኛው፣ አየር ሲገባ በሳንባው ውስጥ ያሉት ደም ስሮች ይከፈታሉ። ሳንባው መለጠጡም፣ የኦክስጅኑ መጨመርም ይከፍታቸዋል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሁለተኛው፣ እትብቱ ሲታሰር ትልቁና ደምን በቀላሉ የሚቀበለው አካል፣ እንግዴ ልጁ፣ ከመንገዱ ይወጣል። በአኦርታ በኩል ያለው ግፊት ከፍ ይላል።

የሁለቱ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። ከመወለዱ በፊት የግራው ልብ የሚሞላው በአብዛኛው ከእንግዴ ልጁ በመጣ ደም ነው። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ከሳንባ በሚመለስ ደም መሞላት አለበት። ሕፃኑ ሳይተነፍስ እትብቱ ቢታሰር የድሮው ምንጭ ይቋረጣል፣ አዲሱም ገና አልጀመረም። የግራው ልብ ይጎድልበትና የልብ ምቱ ሊቀንስ ይችላል። ሳንባው አየር ካገኘ በኋላ ከታሰረ ግን ደሙ ከእንግዴ ልጅ ወደ ሳንባ ሳይቋረጥ ይሸጋገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ደቂቃ በፊት እንዳይታሰር የሚመክረውም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ከብረት ክምችት ጥቅሙ በተጨማሪ ማለት ነው። የማይተነፍስና በአምቡ ባግ መታገዝ ያለበት ሕፃን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን እትብቱ ጋር ሆናችሁ መርዳት ካልቻላችሁ አስራችሁ ቶሎ አየር ስጡት።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝቅተኛ ሳቹሬሽን አያስደንግጣችሁ። በባሕር ጠለል ላይ በተወለደ ጤነኛ ሕፃን እንኳ በ1ኛው ደቂቃ በቀኝ እጅ የሚጠበቀው ከ60 እስከ 65 በመቶ ነው። 85 እና ከዚያ በላይ የሚጠበቀው በ10ኛው ደቂቃ ነው።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ አቋራጭ የራሱን ሰዓት ስጡት

ፎራሜን ኦቫሌ ቶሎ ይከደናል። ከሳንባ የሚመለሰው ደም የግራውን የላይኛ ክፍል ይሞላዋል። ከእንግዴ ልጅ የሚመጣው ደም በመቅረቱ ደግሞ የቀኙ ግፊት ይወርዳል። ስሱ ሽፋን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ነገር ግን ተለጠፈ እንጂ አልተጣበቀም። ሕፃኑ በኃይል ሲያለቅስ የቀኙ ግፊት ጨምሮ ለአፍታ ሊከፈት ይችላል። ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ሙሉ በሙሉ ሳይጣበቅ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።

ደክተስ ቬኖሰስ ደም የሚልክለት እትብት ስለሌለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ እየጠበበ ይዘጋል። በጊዜው ለተወለደ ሕፃን ብዙ አያስጨንቀንም።

የምንከታተለው ደክተስ አርቴሪዮሰስን ነው። ማህፀን ውስጥ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዝቅተኛ ኦክስጅንና ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር። ከልደት በኋላ ኦክስጅን ይጨምራል። ፕሮስታግላንዲን ደግሞ ይቀንሳል፤ አንዱ ምንጩ እንግዴ ልጁ ነበር፣ አሁን ደም በብዛት የሚያልፍበት ሳንባም ንጥረ ነገሩን ያስወግዳል። የደክተሱ ጡንቻ ይኮማተራል። በጊዜው በተወለዱ ጤነኛ ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ በ3 ቀን ውስጥ ደም ማሳለፉን ያቆማል። በጅማት ተተክቶ ለዘለቄታው ለመዘጋት ግን ሌላ 2 ወይም 3 ሳምንት ይፈልጋል። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ጡንቻው ገና ስላልበሰለ ለብዙ ቀናት ክፍት ሊቆይ ይችላል።

እናትየዋን አንድ ነገር ጠይቋት፦ «እህቴ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ለወገብሽ ወይም ለራስ ምታትሽ ከፋርማሲ የገዛሽው መድኃኒት አለ?» አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ፕሮስታግላንዲንን ይቀንሳሉ። በእርግዝና መጨረሻ ሲወሰዱ ደክተሱ ማህፀን ውስጥ እያለ ሊጠብና የሳንባው ግፊት ከልደት በኋላ አልወርድ ሊል ይችላል። እናቶች ይህን ሳይጠየቁ አይናገሩም፤ ምክንያቱም እንደ ቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ደረጃ 4፦ ለኩ

መጀመሪያ ሕፃኑን አሙቁት። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። የቀዘቀዘ እግር ደም ስለማይደርሰው ኦክሲሜትሩ ያሳስታል። ከዚያም በላይ፣ ብርዱ ራሱ የሳንባን ደም ስሮች ያኮማትራል። የብብቱን ሙቀት ለኩ። ከ36.5 በታች ከሆነ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አስጠግታችሁ ኮፍያ አልብሱት፣ ከላይም ሸፍኑት። ታፍኖ የተወለደ ሕፃን ካልሆነ በቀር ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ አታገኙም።

ሲረጋጋ ፕሮቡን በቀኝ መዳፉ ላይ እሰሩ። መብራቱና ተቀባዩ ፊት ለፊት መሆናቸውን አረጋግጡ። ከብርሃን በጨርቅ ከልሉት። ከዚያ ቁጥሩን ሳይሆን መጀመሪያ የልብ ምቱን ተመልከቱ። መሣሪያው የሚያሳየው ምት በስቴቶስኮፕ ከምትሰሙት ጋር ካልተስማማ ሳቹሬሽኑም አይታመንም። ሲስማማ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ጠብቁና መዝግቡ። ወዲያውኑ ያንኑ ፕሮብ ወደ አንዱ እግር አዙሩ። ሁለት የተለያየ መሣሪያ አትጠቀሙ፤ የመሣሪያዎቹን ልዩነት የሕፃኑ ልዩነት አድርጋችሁ ታነቡታላችሁ። የሚያለቅስ ሕፃን ላይም አትለኩ።

የእጅና የእግር ጫፍ መሰማየት በመጀመሪያው ቀን የተለመደ ነው። አያት ደንግጣ «ልጄ፣ እግሩ ጠቆረ እኮ!» ብትላችሁ ምላሱን አሳዩአት። ምላሱ ሮዝ ከሆነ እግሩን አሙቁና ለኩ። ምላሱ ከሰማየ ግን ሌላ ወሬ የለም፤ ቶሎ ኦክስጅን ስጡና ሐኪም ጥሩ።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን በደሴ አየር አንብቡት

በብዙ አገር በሚሠራበት ማጣሪያ ሕፃኑ 24 ሰዓት ሲሞላው ይለካል። 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የእጅና የእግር ልዩነቱም ከ3 ካልበለጠ ያልፋል። ከ90 በታች ከሆነ ወዲያውኑ ይመረመራል። ይህ ቁጥር የተወሰነው ግን ዝቅ ባለ ቦታ በተወለዱ ሕፃናት ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ በትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን ግፊትም ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚሆነው ግፊት ኮምቦልቻ ላይ 118፣ ደሴ ላይ 108 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጤነኛ ሕፃን 92 ወይም 93 ቢያነብ አይገርምም። 95ን እንደ መስመር ከወሰዳችሁ ጤነኛ ሕፃናትን ያለ ምክንያት ለኢኮ ትልካላችሁ። ማለፊያ ቁጥሩ በየጤና ተቋሙ በሕፃናት ሐኪሞች መወሰን አለበት። የእጅና የእግር ልዩነት ግን ከፍታ ይህን ያህል አያዛባውም፤ ሁለቱም የሚለኩት በአንድ አየር ነውና። እኔ ደሴ ላይ ከሁሉ በላይ የማምነው ልዩነቱን ነው።

ከፍታው ደክተሱንም ይነካል። እንዲኮማተር የሚገፋው ኦክስጅን ሲያንስ መዘጋቱ ሊዘገይ ይችላል። ክፍት ደክተስ በከፍታ ቦታ በሚወለዱ ልጆች ላይ በብዛት ይገኛል፤ ይህም በተለይ ከ3,000 ሜትር በላይ ጎልቶ ይታያል። ደሴ ከዚያ በታች ብትሆንም ዝንባሌው አለ።

አንድ ሕፃን እንከተል

ለማስረዳት ያህል ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው። አንዲት እናት ኮምቦልቻ ላይ በ41ኛ ሳምንቷ ወለደች። የሽርት ውሃው በሜኮኒየም የተበከለ ነበር። ሕፃኑ 3.1 ኪሎ ይመዝናል። አለቀሰ፣ ግን በ4ኛው ሰዓት ማቃሰት ጀመረ። በደቂቃ 74 ጊዜ ይተነፍሳል። ሙቀቱ 35.4 ነው። ቀኝ እጁ 88፣ እግሩ 76 አነበበ። ልዩነቱ 12 ነው።

ምን ማለት ነው? እጁ 88 መሆኑ ሳንባው ራሱ መቸገሩን ያሳያል። 12ቱ ልዩነት ደግሞ የሳንባው ግፊት ከአኦርታ ግፊት በልጦ ኦክስጅን የሌለው ደም በደክተሱ ወደ ታች እየተሻገረ መሆኑን ይነግረናል። ደሙ ወደ ፅንስ መንገዱ ተመልሷል። ሜኮኒየሙና ብርዱ ሳንባውን አኮማትረውታል።

አዋላጇ መጀመሪያ ኦክስጅን ሰጠች፣ አሞቀችው፣ የደም ስኳሩን ለካች። ከዚያ ሪፈር ጻፈች። አምቡላንሱ ሐረጎን ሲወጣ ሕፃኑ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደ 650 ሜትር ከፍ ይላል። ሳቹሬሽኑ በመንገድ ላይ ሊወርድ እንደሚችል ቀድማ ስላወቀች የኦክስጅን ሲሊንደሩ መሙላቱን አየች። ፕሮቡንም መንገዱን ሙሉ በቀኝ እጁ ላይ ተወችው። መታየት ያለበት አንጎልና ልብ የሚያገኙት ደም ስለሆነ ነው። ደሴ ሲደርሱ እጁ 87፣ እግሩ 74 ነበር።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲፓፕ ተደረገለት፣ ከማሞቂያ ሥር ሆነ፣ ለኢንፌክሽን መድኃኒት ተጀመረለት። ብዙ እንዳይነካካ ተደረገ፤ መረበሽ የሳንባውን ግፊት ያባብሳልና። ሙቀቱ 36.8 ሲደርስ እጁ 94፣ እግሩ 88 ሆነ። በማግስቱ እጁ 94፣ እግሩ 92። ደሙ በደክተሱ መሻገሩን እያቆመ ነው። የእጁ ቁጥር ከ90 እስከ 95 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ኦክስጅኑ ቀስ በቀስ ተቀነሰ። በአንድ ጊዜ መቀነስ የሳንባ ደም ስሮችን መልሶ ሊያኮማትር ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። የእጅና የእግር ቁጥር እኩል ሆኖ ሁለቱም ዝቅ ካሉ «ልዩነት የለም፣ የሳንባ ግፊት አይደለም» አትበሉ። ደሙ በደክተሱ ሳይሆን በፎራሜን ኦቫሌ በኩል ከተሻገረ ልብ ውስጥ ይቀላቀላል፤ እጅም እግርም እኩል ይወርዳሉ። እኩል መውረድ የሳንባ ምች ወይም የልብ አፈጣጠር ችግርም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ኢኮ ነው። እግሩ ከእጁ በልጦ ከተገኘና ደጋግማችሁ ለክታችሁ ያው ከሆነ ደግሞ የታላላቆቹ ደም ቅዳዎች ቦታ መቀያየርን ጠርጥሩና ሳትዘገዩ ላኩት።

ደረጃ 6፦ ደክተሱ ሲዘጋ የሚታመመውን አትርሱ

እስካሁን ክፍት መሆኑን ስንፈራ ነበር። ተቃራኒውም አለ። አንዳንድ ሕፃናት በልባቸው አፈጣጠር ምክንያት የሚኖሩት በደክተሱ ነው። የአኦርታ መጥበብ ያለበት ሕፃን ለታችኛው አካሉ የሚያደርሰው ደም በደክተሱ በኩል ነው። በመጀመሪያው ቀን ይጠባል፣ ጤነኛ ይመስላል። ደክተሱ በ2ኛው፣ በ3ኛው ቀን ወይም በሁለተኛው ሳምንት ሲዘጋ ግን በድንገት ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጡት ይተዋል፣ በፍጥነት ይተነፍሳል። ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ይታለፋል።

ኦክሲሜትሩ ይህን ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤት ከመሸኘታችሁ በፊት በጣታችሁ ጫፍ ብሽሽቱ ላይ ያለውን የደም ምት ፈልጉ። በሌላው እጃችሁ የቀኝ ክንዱን ምት ያዙ። ክንዱ ጠንክሮ ብሽሽቱ ከደከመ ወይም ከጠፋ የአራቱንም እጅና እግር የደም ግፊት ለኩና ሐኪም ጥሩ። እንዲህ ባለ ሕፃን ላይ ደክተሱን መልሶ የሚከፍተው በደም ስር በተከታታይ የሚሰጥ ፕሮስታግላንዲን ነው። መድኃኒቱ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል አምቡ ባጉ አጠገብ ሳይኖር አይጀመርም። መድኃኒቱ በሌለበት ቦታ የሚጠቅመው ቶሎ ደውሎ ወደሚገኝበት መላክ ነው። ሲላክ ወረቀቱ ላይ የቀኝ እጅና የእግር ሳቹሬሽን፣ የተለካበት ሰዓት፣ የሕፃኑ ሙቀት፣ ይሰጠው የነበረው ኦክስጅንና ልኬቱ ኮምቦልቻ ይሁን ደሴ ላይ የተወሰደ መሆኑ ይጻፍ። ተቀባዩ ሐኪም ሁለቱን ቁጥሮች ያለ ሰዓትና ያለ ቦታ ማነጻጸር አይችልም።

ለእናትየው ደግሞ በግልጽ ንገሯት፦ «እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ጡት መጥባት ካቆመ፣ ሲጠባ ላብ ካጠመቀው፣ ከገረጣ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ነይ።»